ከባዶ ገንዳ የሚነሳ ሒሳብ፦ ትልቁ ኤም እንዴት ይሠራል?

በሬ የሚያደልብ ሰው ሁልጊዜ የማያመልጠው አንድ ሒሳብ አለ። ድርቆሹና ጭዱ እንዳለ ሆኖ፣ በላዩ የሚጨመረውን ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በምን መጠን ቢያደባልቅ በሬው ሳይጎዳ ወጪው ይቀንሳል? ፉርሽካ በዋጋ ይረክሳል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ፋጉሎ ፕሮቲን ይበዛበታል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አድላቢው በልምዱ ወደ ትክክለኛው ድብልቅ ሊጠጋ ይችላል። ትክክለኛውን ነጥብ ማግኘት ግን የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቃሉ አጥንቶት የሚያልፍ፣ ለምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም የማይነገርለት ዘዴ አለ፤ ስሙም የትልቁ ኤም ዘዴ ነው።

ዘዴውን በአንድ ሒሳብ እስከ መጨረሻው እንከተለው። ዋጋውን ለስሌት እንዲመች አድርጌ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ፉርሽካ በኪሎ 20 ብር፣ ፋጉሎ በኪሎ 32 ብር ይሁን። የፕሮቲኑ መጠን ግን ከእውነቱ የራቀ አይደለም። የስንዴ ፉርሽካ 15 በመቶ፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ፉርሽካ 150 ግራም፣ አንድ ኪሎ ፋጉሎ 300 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል እንበል። አድላቢው ለአንድ በሬ በቀን ከ4 ኪሎ ያላነሰ ድብልቅና ከ900 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን እንዲደርሰው ይፈልጋል። የፉርሽካውን ኪሎ x፣ የፋጉሎውን ኪሎ y ብንለው ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦

```
Z = 20x + 32y   (ትንሹ ይፈለግ)
x + y  ≥ 4
x + 2y ≥ 6
x ≥ 0,  y ≥ 0
```

ሁለተኛው ገደብ 150x + 300y ≥ 900 የነበረው ነው፤ ቁጥሩ እንዲቀል ሁለቱን ጎን ለ150 አካፍዬዋለሁ። ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ 6 ማለት እያንዳንዳቸው 150 ግራም የሆኑ ስድስት የፕሮቲን መስፈሪያዎች ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት መኖ ብቻ ሲሆን ጥያቄውን በካሬ ወረቀት ላይ በማስመሪያ መፍታት ይቻላል። የመኖው ዓይነት ሲበዛ ግን ወረቀት አይበቃም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው ተመሳሳይ ጥያቄ የሰው ምግብን የሚመለከት ነበር። 77 የምግብ ዓይነቶችንና 9 ንጥረ ነገሮችን ይዞ፣ አንድ ሰው በትንሹ ስንት ብር አውጥቶ መኖር ይችላል ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛ መፍቻ መንገድ ስላልነበረው በብልሃት ገምቶ፣ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር የሚል መልስ ሰጠ። ጆርጅ ዳንዚግ የሲምፕሌክስን ዘዴ በ1947 ሲያወጣ የስቲግለር ጥያቄ ለመፈተኛ ተመረጠ። ዘጠኝ ጸሐፊዎች በእጅ በሚሠሩ የሒሳብ መኪናዎች 120 የሰው ቀን የሚያህል ሥራ ሠርተው 39.69 ዶላር ላይ ደረሱ። የስቲግለር ግምት ከትክክለኛው መልስ የራቀው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ሲምፕሌክስ የሚሄደው ከማእዘን ወደ ማእዘን ነው። ገደቦቹ ተጋጥመው የሚፈቀደውን ቦታ ሲያጥሩ የተለያዩ ማእዘኖች ይፈጠራሉ፤ ትንሹ ወጪ ካለ ደግሞ ከነዚህ ማእዘኖች በአንዱ ላይ ይገኛል። ዘዴው አንድ ማእዘን ላይ ቆሞ ወጪው የሚቀንስበትን አቅጣጫ ይመርጣል፤ ወደ ቀጣዩ ማእዘን ይሻገራል፤ የሚቀንስ አቅጣጫ ሲያጣ ይቆማል። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ማእዘን ማን ይሰጠዋል?

ገደቦቹ «ከዚህ ያልበለጠ» የሚሉ ቢሆኑ ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጣውላዬ ከ100 ሜትር፣ የሰው ጉልበቴ ከ40 ሰዓት አይበልጥም ቢል፣ ምንም አለመሥራት ሁለቱንም ገደብ ያከብራል። ዜሮ ላይ ቆሞ መጀመር ይቻላል። የእኛ ገደቦች ግን «ከዚህ ያላነሰ» የሚሉ ናቸው። ገንዳው ባዶ ከሆነ አራት ኪሎም 900 ግራም ፕሮቲንም የለም። ዜሮ ሁለቱንም ገደቦች ይጥሳል።

ነገሩ በእኩልታው ላይ ይበልጥ ይታያል። ሲምፕሌክስ የሚሠራው በእኩል ምልክት ስለሆነ ከአራት ኪሎ በላይ የሆነውን ትርፍ s1፣ ከስድስት መስፈሪያ በላይ የሆነውን ትርፍ s2 ብለን እንቀንሳለን። የመጀመሪያው መስመር x + y − s1 = 4 ይሆናል። አሁን x እና y ዜሮ ቢሆኑ s1 አሉታዊ አራት ይወጣል። «አሉታዊ አራት ኪሎ ትርፍ» ትርጉም የለውም፤ ሲምፕሌክስም ከዜሮ በታች የሆነ ተለዋዋጭ አይቀበልም።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሠራሽ ተለዋዋጭ የሚገባው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በዓለም ላይ የሌለ አንድ መኖ እንጨምራለን፤ a1 እና a2 እንበላቸው።

```
x + y  − s1 + a1 = 4
x + 2y − s2 + a2 = 6
```

አሁን ሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ሆነው a1 = 4፣ a2 = 6 ማለት ይቻላል። እኩልታዎቹ ይሟላሉ፤ አሉታዊ ቁጥርም የለም። ሲምፕሌክስ የሚቆምበት ማእዘን አገኘ። ማእዘኑ ግን የውሸት ነው፤ በሬው ገና አንድ ፍሬ መኖ አልቀመሰም።

ውሸቱ መልሱ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ኤም የምትባለው ቁጥር የምትመጣው። ኤም በጣም ትልቅ ቁጥር ናት፤ እያንዳንዱ ኪሎ የሌለ መኖና እያንዳንዱ መስፈሪያ የሌለ ፕሮቲን በወጪው ላይ ኤም ብር ይጨምራል። ወጪ ማሳነስ የሚፈልገው ስሌት ይህን ዕዳ፣ በአራጣ እንደተበደረ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለመክፈል ይጣደፋል። በ1950ዎቹ ይህን መንገድ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሒሳብ ሰው አብርሃም ቻርንስ ነው፤ የቅጣት ዘዴ ተብሎም ይጠራል። ጥያቄው ወጪን ማሳነስ ስለሆነ ኤም በመደመር ምልክት ትገባለች። ትርፍን ማብዛት ቢሆን ኖሮ በመቀነስ ምልክት ትገባ ነበር።

አዲሱ ወጪ እንግዲህ Z = 20x + 32y + M·a1 + M·a2 ነው። ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ተማሪ የሚስትበት ነው። ይህን መስመር እንዳለ ይዞ የ x እና የ y ን ዋጋ ያየ ሰው 20 እና 32 ሁለቱም አዎንታዊ ናቸው፣ ወጪ የሚቀንስ አቅጣጫ የለም፣ ጨርሻለሁ ሊል ይችላል። መልሱም ምንም አትግዛ ይሆናል። የተረሳው ነገር a1 እና a2 ራሳቸው በ x እና በ y ላይ የሚመረኮዙ መሆናቸው ነው። አንድ ኪሎ ፉርሽካ ሲጨመር 20 ብር ይወጣል፤ ግን አንድ ኪሎ የሌለ መኖና አንድ መስፈሪያ የሌለ ፕሮቲን ይሰረዛል። ስለዚህ a1 ን በ 4 − x − y + s1፣ a2 ን በ 6 − x − 2y + s2 መተካት ግድ ነው። ሲተካ እንዲህ ይሆናል፦

```
Z = 10M + (20 − 2M)x + (32 − 3M)y + M·s1 + M·s2
```

አሁን ሒሳቡ እውነቱን ይናገራል። ባዶው ገንዳ 10M ዕዳ አለበት። ኤም ትልቅ ስለሆነች 20 − 2M እና 32 − 3M ሁለቱም ከዜሮ በታች ናቸው፤ ዕዳውን በይበልጥ የሚቀንሰው ደግሞ ሁለተኛው ነው። ፋጉሎ ይግባ። እስከ ምን ድረስ? በመጀመሪያው መስመር 4 ኪሎ ሲደርስ a1 ዜሮ ይሆናል፤ በሁለተኛው መስመር ግን 6 ለ 2 ሲካፈል 3 ስለሆነ a2 ቀድሞ በ3 ኪሎ ያልቃል። ከዚያ ካለፍን a2 አሉታዊ ስለሚሆን እዚያ እንቆማለን። a2 ከሒሳቡ ይወጣል፤ ሰው ሠራሽ ስለሆነም ተመልሶ እንዳይገባ እስከነአካቴው መሰረዝ ይቻላል።

አሁን ገንዳው ውስጥ 3 ኪሎ ፋጉሎ አለ። ፕሮቲኑ 900 ግራም ሞልቷል፤ ክብደቱ ግን አንድ ኪሎ ይጎድለዋል፤ a1 = 1 የሚለው ይህንኑ ነው። በሁለተኛው መስመር መሠረት y = 3 − x/2 + s2/2 ብለን ስንተካ ወጪው እንዲህ ይጻፋል፦

```
Z = 96 + M + (4 − M/2)x + M·s1 + (16 − M/2)s2
```

96 ብሩ የሦስት ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ ነው፤ አንዷ ኤም የጎደለው ኪሎ ቅጣት ናት። ይህ መስመር ሁለት መውጫ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። አንደኛው መውጫ ፉርሽካ ማስገባት ነው። አንድ ኪሎ ፉርሽካ ሲገባ ፕሮቲኑ ሳይጎድል ግማሽ ኪሎ ፋጉሎ መውጣት ይችላል፤ 20 ብር ወጥቶ 16 ብር ይተርፋል፤ ልዩነቱ 4 ብር ነው፤ ክብደቱም በግማሽ ኪሎ ይጨምራል። 4 − M/2 የሚለው ይህን ነው። ሁለተኛው መውጫ ዝም ብሎ ፋጉሎ መጨመርና ፕሮቲኑን ከሚፈለገው በላይ ማድረግ ነው፤ ለዚያው ግማሽ ኪሎ 16 ብር ያስወጣል። ሁለቱም የኤምን ዕዳ እኩል ይቀንሳሉ፤ የሚለዩት በ4 እና በ16 ብሩ ነው። ስለዚህ ፉርሽካ ይገባል። የመጀመሪያው መስመር እስከ 2 ኪሎ፣ ሁለተኛው እስከ 6 ኪሎ ይፈቅዳል። በ2 ኪሎ ላይ a1 ይወጣል።

```
x = 2 + 2·s1 − s2
y = 2 − s1 + s2
Z = 104 + 8·s1 + 12·s2
```

ኤም ከወጪው መስመር ጠፍታለች። የቀሩት 8 እና 12 አዎንታዊ ስለሆኑ ወጪ የሚቀንስ አቅጣጫ የለም። መልሱ 2 ኪሎ ፉርሽካ፣ 2 ኪሎ ፋጉሎ፣ በቀን 104 ብር ነው። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰን ብናስገባው፣ 2 ሲደመር 2 አራት ኪሎ ነው፤ 300 ግራም ሲደመር 600 ግራም 900 ግራም ነው። ፉርሽካ ብቻ ቢሆን 6 ኪሎ አስፈልጎ 120 ብር፣ ፋጉሎ ብቻ ቢሆን 4 ኪሎ አስፈልጎ 128 ብር ይወጣ ነበር።

8 እና 12 ዝም ብለው የቀሩ ቁጥሮች አይደሉም። አድላቢው ድብልቁን በአንድ ኪሎ ከፍ ላድርግ ቢል ወጪው በ8 ብር ይጨምራል፤ ፕሮቲኑን በአንድ መስፈሪያ፣ ማለትም በ150 ግራም፣ ላሳድግ ቢል ደግሞ በ12 ብር። አንድ ግራም ተጨማሪ ፕሮቲን 8 ሳንቲም ያስወጣዋል ማለት ነው። እነዚህ የገደቦቹ ዋጋ ናቸው። 4 ኪሎ በ8 ብር 32፣ 6 መስፈሪያ በ12 ብር 72 ይሆናል፤ ድምሩ ያው 104 ብር ነው።

እነዚሁ ቁጥሮች «ኤም ምን ያህል ትልቅ ትሁን?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣሉ። ኤምን 10 እናድርጋት። ከ4ም ከ6ም ስለምትበልጥ ሰው በችኮላ ትልቅ ሊላት ይችላል። በመጀመሪያው የወጪ መስመር ላይ ስናስገባት፣ የ x ቁጥር 20 − 20 = 0፣ የ y ቁጥር 32 − 30 = 2፣ ዕዳው ደግሞ 100 ይሆናል። አሉታዊ ቁጥር የለም። ስሌቱ ገና ሳይነሳ ይቆምና «ምንም አትግዛ፤ 100 ብር ቅጣት ክፈል» ይላል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ 100 በእርግጥ ከ104 ያንሳል። የተሳሳተው ቅጣቱን ያሳነሰው ሰው ነው። በዚህ ጥያቄ ኤም ከገደቦቹ ዋጋ ከትልቁ፣ ማለትም ከ12፣ መብለጥ አለባት። 13 ብትሆን እንኳ ያው 2 እና 2 ኪሎ ላይ ይደረሳል። ችግሩ 12 የምትታወቀው ጥያቄው ከተፈታ በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው በተግባር ኤምን ከጥያቄው ቁጥሮች ሁሉ በብዙ እጥፍ የሚያስበልጧት።

ኤም በቂ ሆና ሳለ ሰው ሠራሽ ተለዋዋጭ አልወጣ ያለ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አድላቢው አሁን «ድብልቁ ከ2.5 ኪሎ አይብለጥ፤ ፕሮቲኑ ግን 900 ግራም ይሁን» ብሎ አሰበ እንበል። ስሌቱ ገንዳውን 2.5 ኪሎ ፋጉሎ ሞልቶ Z = 80 + M ላይ ይቆማል፤ a2 = 1 ሆኖ ይቀራል። ኤምን ሚሊዮን ብናደርጋትም a2 ከቦታው አይንቀሳቀስም። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የተጠየቀው ነገር አይቻልም፤ በተሻለው መንገድ እንኳ አንድ መስፈሪያ፣ 150 ግራም ፕሮቲን፣ ይጎድላል። ሁለቱን ጉዳዮች ለመለየት ኤምን ከፍ አድርጎ እንደገና ማስላት ይረዳል። ቅጣቷ ስትጨምር ሰው ሠራሹ ከወጣ፣ መጀመሪያ ኤም አንሳ ነበር። ምንም ያህል ብትጨምር ካልወጣ፣ ገደቦቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ታዲያ ለምን ኤምን እጅግ ግዙፍ አድርገን አንገላገልም? በእጅ ሲሠራ ኤም በፊደልነቷ ስለምትቆይ ምንም አያግድም። ኮምፒውተር ግን ቁጥር ይፈልጋል፤ የተለመደው የኮምፒውተር ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ከ15 እስከ 16 የሚሆኑ አኃዞችን ብቻ ነው። ኤምን 10 ላይ 18 ጊዜ በተባዛ መጠን፣ ማለትም 1 ተጽፎ 18 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር እናድርጋት። 20 − 2M ሲሰላ 20ው ከአኃዞቹ ጫፍ ውጭ ስለሚወድቅ ይጠፋል፤ 32ቱም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ የፉርሽካንና የፋጉሎን ዋጋ ረስቷል። ሁለተኛው እርምጃ ላይ 4 − M/2 እና 16 − M/2 ፍጹም እኩል ሆነው ይታዩታል፤ ሁለቱን መውጫዎች የሚለየው 4 እና 16 ብር ነበርና። ፉርሽካን ከመረጠ በዕድል ትክክለኛው መልስ ላይ ይደርሳል። የፕሮቲን ትርፉን ከመረጠ ግን 4 ኪሎ ፋጉሎ ላይ ያርፋል፤ በዚያ ቦታ የፉርሽካ እውነተኛ ቁጥር −12 ሲሆን ለእሱ ዜሮ ሆኖ ይታየዋል፤ ስለዚህ ጨርሻለሁ ብሎ ይቆማል። ወጪው 128 ብር ነው፤ በአንድ በሬ በቀን 24 ብር ያለ ምክንያት ባከነ። የከፋው ነገር ሰው ሠራሽ ተለዋዋጮቹ ሁለቱም ዜሮ ስለሆኑና ገደቦቹ ስለተከበሩ መልሱ ሲያዩት ጤነኛ መምሰሉ ነው።

ይህን ለመሸሽ የሁለት ምዕራፍ ዘዴ የሚባለው ይመረጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የመኖው ዋጋ ይረሳና a1 + a2 ብቻ ይቀነሳል፤ ድምሩ ዜሮ ከደረሰ እውነተኛ ማእዘን ተገኝቷል፤ ካልደረሰ ጥያቄው መልስ የለውም። በሁለተኛው ምዕራፍ ሰው ሠራሾቹ ተጥለው ከዚያው ማእዘን በ20 እና በ32 ብሩ ይቀጠላል። ግዙፍ ቁጥርና ትንሽ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ስለማይገናኙ የሚጠፋ ብር የለም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በእጅ ለሚማር ሰው ትልቁ ኤም የተሻለ ነው፤ ዕዳውና ዋጋው በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንዳደረገ ይነበባል። በኮምፒውተር ለሚሠራ ግን ሁለት ምዕራፉ ይሻላል። ኤምን በቁጥር ማስገባት የግድ ከሆነብዎ፣ በሁለት የተለያዩ መጠኖች አስልተው መልሱ አለመቀየሩን ይመልከቱ፤ ከዚያም የተገኘውን ኪሎ ሰው ሠራሽ ተለዋዋጭ በሌለበት በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ አስገብተው ክብደቱንና ፕሮቲኑን በእጅዎ ይደምሩ።